የትኛው ፊልተር?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮሪደር ላይ አንዲት ሲስተር አስቆመችኝ። ስልኳን አውጥታ የኔኑ የሊንክዲን ጽሑፍ ከፈተችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ፊልተሩን እኛ በየሳምንቱ እናጥባለን» አለች። «አንተ የጻፍከው ስለየትኛው ፊልተር ነው?»

መልስ አጣሁ። ጽሑፉ ከተለጠፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ከ400 በላይ ላይክ አለው። ሃምሳ ምናምን ሰው «እንኳን ደስ ያለህ»፣ «ኮራንብህ»፣ «የሀገር ኩራት» ብሎልኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው «የትኛው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። የጠየቀችኝም ስለተጎዳች ነው።

ጅማ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ የምጠግን ኢንጂነር ነኝ። የምሠራበትን ቤት ስም አልጠራም፣ ለታሪኩም አያስፈልግም። ያቺ ጥያቄ ግን እስከዛሬ አልለቀቀችኝም። የለጠፍኩት ነገር የት ላይ እንደተበላሸ የገባኝ በእሷ ነውና እስቲ ከመነሻው ልናገር።

## ቢጫው መብራት

ነገሩ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው። የክፍሉን አየር ስቦ፣ ናይትሮጅኑን ወደ ጎን ትቶ ኦክስጅኑን ለታካሚ የሚሰጥ፣ ትንሽ ፍሪጅ የምታክል ማሽን። ውስጡ ዚዮላይት የሚባል ጠጠር የተሞሉ ሁለት ቱቦዎች አሉ። ኮምፕረሰሩ አየሩን ጨምቆ ወደ አንዱ ሲልክ ጠጠሩ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። በዚያው ሰዓት ሌላኛው ቱቦ የያዘውን ናይትሮጅን ይተፋል። እንዲህ እየተቀያየሩ ይሠራሉ።

ወርክሾፕ የመጣው ማሽን በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ ነበር። ቢጫው መብራት በርቷል፣ ኦክስጅኑ ቀጥኗል ማለት ነው። የኦክስጅን መጠን መለኪያውን መጀመሪያ በክፍሉ አየር ፈተሽኩት፣ 20.9 በመቶ አለ፣ ደህና ነው። ማሽኑን 15 ደቂቃ አስነስቼ ከቆየሁ በኋላ ለካሁ። በ5 ሊትር 71 በመቶ። ወደ 2 ሊትር ዝቅ ሳደርገው 89። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ከ82 በታች መውረድ የለበትም ይላል። በሙሉ ፍሰቱ ሲሠራ ማሽኑ ወድቋል።

እኔ ወዲያው ፈረድኩ። «ዚዮላይቱ አልቋል።» ምክንያትም ነበረኝ። ዚዮላይት እርጥበት ጠላቱ ነው፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧን ታውቁታላችሁ። የቱቦ መቀየሪያ መጠየቂያ ደብዳቤ ጽፌ ጨረስኩ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ እግዜር ይወቀው።

ወርክሾፑ ውስጥ ጡረታ የቀረባቸው አንድ ባለሙያ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዲግሪ የላቸውም፣ ጆሮ ግን አላቸው። ሻያቸውን እየጠጡ ማሽኑን ትንሽ አዳመጡትና «ድምፁ ታፍኗል» አሉ። «የውስጡን ፊልተር አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። የውጪው ስፖንጅ ንጹሕ ስለነበር ፊልተር የሚባለውን ነገር ከጭንቅላቴ አውጥቼዋለሁ። ክዳኑን ፈትተን ከኮምፕረሰሩ አፍ ላይ ያለውን ትንሹን ፊልተር አወጣነው። ነጭ መሆን ነበረበት። የወጣው ነገር እንደ ምድጃ አመድ ግራጫ ነው፣ በጣቴ ስጫነው ደርቆ ተሰነጠቀ። አዲስ አደረግንበት። 85 ሆነ። ከዚያ ጋሼ በቀጭን ብሩሽ የሳሙና ውሃ የቱቦ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡ። አንዱ ላይ አረፋ ኩፍ አለ። ማሰሪያውን ቀየርነው። 93።

ለምን እንደተሳሳትኩ ኋላ ሳስበው ግልጽ ነው። ጠጠሩ ሲያረጅም፣ ኮምፕረሰሩ አየር ሲያጥረውም ምልክታቸው አንድ ነው። ሁለቱም በ5 ሊትር ይወድቃሉ፣ በ2 ሊትር ይሻላቸዋል። ፍሰቱ ሲቀንስ ጠጠሩ ጊዜ ያገኛላ። እኔ ከሁለቱ ውዱን በሽታ መረጥኩ። ርካሹን አስቀድሜ መፈተሽ ሲገባኝ።

## የለጠፍኩት

ይሄ ሁሉ ታሪክ እያለኝ የለጠፍኩት ምን መሰላችሁ? በእንግሊዝኛ ነበር፣ ወደ አማርኛ ሳመጣው እንዲህ ይላል፦

«በታላቅ ክብርና ትሕትና አካፍላለሁ። በጥገና ጉድለትና ባልጸዳ ፊልተር ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ የነበረን የኦክስጅን ማሽን ዛሬ ወደ ሕይወት መመለስ ችያለሁ። ዛሬ አንድ ሕፃን በዚህ ማሽን ይተነፍሳል። ሙያዬን እወደዋለሁ።»

ከስሩ ፎቶ። እኔ በነጭ ጋውን፣ እጄን ማሽኑ ላይ ጣል አድርጌ። ከኋላዬ አልጋ፣ አልጋው ላይ ጀርባዋን የሰጠች እናት፣ ግድግዳው ላይ የአልጋ ቁጥር።

እስቲ አብረን እንየው። «ትሕትና» የሚለው ቃል በመጀመሪያው መስመር ላይ አለ። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ይዞ ተቀምጦ ለጓደኛው «በታላቅ ትሕትና አካፍልሃለሁ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ቃሉን ከሌሎች ጽሑፎች ለቅሜ ነው ያመጣሁት። ትሕትናዬን ራሴ ካወጅኩ ደግሞ ለአንባቢው ምን ተረፈው?

የጋሼ ስም ቀርቶ ጥላቸውም የለም። 71 የለም፣ 93 የለም። የጻፍኩት የተሳሳተ ደብዳቤ የለም። የውስጥ ፊልተርና የውጪ ፊልተር አልተለየም። ሲስተሯን የወጋት ይሄ ነው። እሷና ባልደረቦቿ በየሳምንቱ ስፖንጁን አውጥተው ያጥባሉ፣ መመሪያቸው እሱን ነው የሚላቸው። የውስጡን ለመንካት ክዳን መፍታት ያስፈልጋል፣ ያ የኛ ሥራ ነው። «ባልጸዳ ፊልተር» ስል ጥፋቱን ለእነሱ ሰጠሁ። ጥፋቱ ግን የወርክሾፑ ነው፣ ማለትም የኔ።

ጉራ ማለት «እኔ» ማለት ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ነው «በትሕትና» የምትለዋን ቅቤ የቀባሁት። ኮሪደሩ ላይ የገባኝ ሌላ ነው። ጀግና ለመሆን ሰነፍ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፣ ሰነፉን ደግሞ ከአጠገቤ ፈለግኩ። ዝርዝሩ ቢኖር ኖሮ ሰነፍ አያስፈልገኝም ነበር። «የኮምፕረሰሩ መግቢያ ፊልተር» ብዬ ብጽፍ ሲስተሯ አትጎዳም፣ ሌላ ቦታ ያለ ባለሙያም የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ሦስት ቃል ነው።

ያን ዕለት ማታ ጽሑፉን አጠፋሁት። ከ400 ላይክ ጋር። አዎ፣ ትንሽ አመመኝ።

## ጠገንኩ፣ ጠገንን፣ ተጠገነ

ካጠፋሁ በኋላ ለሁለት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው ሙከራዬ ደግሞ በተቃራኒው ተበላሸ። ረቂቁን ለአንዲት የሕፃናት ሐኪም ጓደኛዬ አሳየኋት። «ማሽኑ ተፈተሸ፣ ችግሩ ተለየ፣ ተስተካከለ» ይላል። እሷ አንብባ ሳቀች። «ማን ነው የሠራው? መንፈስ ቅዱስ?»

አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። «ተ» የምትባል መደበቂያ ሰጥቶናል። ይሉኝታ ሲይዘን «ተጠገነ» እንላለን፣ ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ጨዋ ይመስላል። ግን አንባቢ ጥያቄ ቢኖረው ማንን ይጠይቅ? ስህተቱስ የማን ነበር? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል፣ ጽሑፍም እንደዚያው ነው። «ጠገንን» የሚለው ደግሞ አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ የአንድን ሰው ሥራ ለማደብዘዝ የምንጠቀምበት ብርድ ልብስ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ግስ ለባለቤቱ መለስን። ለካሁ። ተሳሳትኩ። ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሼ ጠየቁ። አብረን ፈታን። እሳቸው አረፋውን አገኙ። ቀየርን። እንደዚህ ሲሆን «እኔ» የምትለው አላስቀየመችኝም። እንደውም በብዛት የቆመችው ከስህተቱ ጎን ነው።

የጓደኛዬ ሥራ ከኔ ይከብዳል። እሷ የምትጽፈው ስለ ሰው ነው። ጅማ ደግሞ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው ዘመድ ነው። «ትናንት ከእንዲህ ያለ ቀበሌ የመጣች የ4 ዓመት ልጅ» ብትል ስም ባትጠራ እንኳ ማታውኑ ይታወቃል። ስለዚህ ቀኑን ትጥላለች፣ ቦታውን ትጥላለች፣ ዕድሜውን ትጥላለች፣ ቢያንስ ጥቂት ወር ታስቆያለች። ብርቅ የሆነ በሽታ ከሆነ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ ጨርሶ አትነካውም፣ በሽታው ራሱ ስም ነዋ። የሚቀረው አንድ የውሳኔ ቅጽበት ብቻ ነው። በቅርቡ የጻፈችው ይሄ ነበር፦ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ፣ ኦክስጅኑን እያስተካከልክ የልጁን እጅ ንካው። ጣቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ደም በደንብ አይደርስም፣ ቁጥሩም ላይታመን ይችላል። አሙቀውና ደግመህ ለካ። ቁጥሩ ግን ዝቅ ብሎ እያለ «ጣቱ ነው» ብለህ ኦክስጅኑን እንዳትከለክለው። ከዚያ ጨመረች፦ «ይሄን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።» አንድም ታካሚ እዚያ ውስጥ የለም።

የኔ ፎቶ ላይ የነበረችውን እናት ያየችውም እሷ ናት። እኔ ማሽኑን ነበር የማየው። አሁን ፎቶ የማነሳው ወርክሾፕ ጠረጴዛ ላይ ነው። ግራጫውን ፊልተር ከአዲሱ ጎን አድርጌ፣ እኔ የሌለሁበት። ከመለጠፌ በፊትም ለክፍሉ ኃላፊ አሳያለሁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ደብዳቤ አይጠይቅም፣ ስልክ ማሳየት ብቻ ነው። አንዴ አንድ መስመር አስወጥተውኛል፣ ልክ ነበሩ።

## በድጋሚ

ሦስተኛው እንዲህ ወጣ። በአማርኛ ጻፍኩት፣ እንግሊዝኛውን አሳጥሬ ከስር አስከተልኩ።

«የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ቢጫ መብራት በርቶ ‹ዚዮላይቱ አልቋል› ብዬ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ባለ 5 ሊትር ማሽን ነው። በ5 ሊትር 71፣ በ2 ሊትር 89 በመቶ። አንድ የወርክሾፓችን ነባር ባለሙያ ድምፁን ሰምተው የኮምፕረሰሩን መግቢያ ፊልተር እንዳይ ጠየቁኝ። ክዳኑ ተፈትቶ የሚገኘው ትንሹ ነው፣ ነርሶች በየሳምንቱ የሚያጥቡት የውጪው ስፖንጅ አይደለም። እሱ ንጹሕ ነበር። የውስጡን መቀየር የኛ ሥራ ነው፣ ሳንቀይረው ቆይተናል። ስንቀይረው 85። በሳሙና ውሃ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አግኝተን ስናስተካክል 93።

ቱቦ ከማዘዛችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን እዩ። ሁለቱንም አይታችሁ ካልተሻለው ዚዮላይቱ ሊሆን ይችላል። ሌላ ያገኛችሁት ምክንያት ካለ ንገሩኝ።»

ሊንክዲን ለአንድ ጽሑፍ 3,000 ፊደል ይፈቅዳል። እዚህ ሩቡም አልሞላም። ስልክ ላይ ደግሞ አንባቢው ሳይነካው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ነው፣ ቀሪው ይታጠፋል። ድሮ እዚያች ቦታ ላይ «ክብርና ትሕትና» ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን ስህተቴ አለ። ብዙ ሰው «ስህተትህን አስቀድመህ ከጻፍክ ማን ያምንሃል?» ብሎኛል። ያጋጠመኝ ግን ሌላ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፤ ስህተቱ ሲቀድም አንባቢው የራሱን አምጥቶ ከጎኑ ያስቀምጣል።

ጋሼን ስማቸውን ልጥቀስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ተወኝ ባክህ፣ ልጆቼ አይተው ሥራ ልቀቅ ይሉኛል» አሉ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ እስካሁን አልገባኝም። «ነባር ባለሙያ» አልኳቸው። ሳነብላቸው «‹ነባር› ማለት ሽማግሌ ነው አይደል?» ብለው ተነጫነጩ፣ ግን ስልኩን ተቀብለው ሁለቴ አነበቡት።

ሲስተሯንም ከመለጠፌ በፊት አሳየኋት። ይቅርታ መጠየቄ ነበር፣ እንደዚያ ብዬ ባልጠራውም። አነበበችና «‹እሱ ንጹሕ ነበር› የምትለዋን አታውጣት» አለች። አላወጣኋትም።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ፣ እኔም የለኝም። የማደርገው ይሄ ነው። ማሽን ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ እያለ ስልኬ ላይ ሦስት መስመር እይዛለሁ፦ ምን አየሁ፣ ምን መሰለኝ፣ ምን ሆኖ ተገኘ። ቁጥሮቹን ያኔ ካልያዝኩ ማታ አላስታውሳቸውም፣ ያላስታወስኩትን ደግሞ በጌጥ መሙላት ይጀምረኛል። ከዚያ አንድ ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ማሽኑ በዳነበት ቀን የምጽፈው ሁሉ የድል ከበሮ ነው የሚሆነው። በሳምንቱ ደስታው ይበርዳል፣ የሚቀረው ፊልተሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጀበናው እስኪወርድ እጽፈዋለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። አንዳንዱ ሳምንት ሁለተኛው መስመርና ሦስተኛው መስመር አንድ ይሆናሉ፣ ማለትም የመሰለኝ ልክ ነበር። ያኔ አብዛኛውን ጊዜ አልጽፍም። የማካፍለው ነገር የለማ።

## ከበደሌ

አዲሱ ጽሑፍ 38 ላይክ አገኘ። አስተያየቱ ዘጠኝ ነበር፣ ስድስቱ ጥያቄ። አንዱ በኦሮምኛ ጠየቀኝ፣ በኦሮምኛ መለስኩ። አንዱ አናላይዘር ከሌለኝ ምን ላድርግ አለ፣ ለሱ ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ያለ መለኪያ 71 እና 93 በዓይን አይለዩም፣ መብራቱም ሁልጊዜ አይታመንም። ይሄንኑ ጻፍኩለት።

ከሳምንት በኋላ በውስጥ መልእክት አንዲት ልጅ ከበደሌ ጻፈችልኝ። የኔው ሙያ ናት። ቢጫ መብራት የበራበት ማሽን አላት። የውስጡን ፊልተር ቀየረች፣ አልተሻለውም። በሳሙና ውሃ ፈተሸች፣ አረፋ የለም። ተስፋ ቆርጣ ቱቦ ልታዝዝ ስትል ናይትሮጅኑ የሚወጣበትን የድምፅ ማፈኛ ፈታ አየችው። በአቧራ ተደፍኗል። ናይትሮጅኑ ካልወጣ ጠጠሩ ባዶ አይሆንም፣ ባዶ ካልሆነ ደግሞ አዲስ አይዝም። አጸዳችው። 91።

«ወንድሜ፣ ያንተ ጽሑፍ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። «ሦስተኛውን ጨምርበት። የኔን ስም ግን አታድርግ፣ አለቃዬን አላስፈቀድኩም።»

የዚያኑ ምሽት ጽሑፉን ከፍቼ አረምኩት። «እነዚህን ሁለቱን» የሚለውን «እነዚህን ሦስቱን» አደረግኩ። «ሁለቱንም አይታችሁ» የሚለውንም «ሦስቱንም» አልኩት። ከስር ጨመርኩ፦ «ማስተካከያ፦ ሦስተኛውን ያገኘችው በበደሌ የምትሠራ ባልደረባ ናት። እኔ አላሰብኩትም ነበር።» ከስሜ ስር ጽሑፉ መታረሙን የምትናገር ትንሽ ምልክት ወጣች።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጥግ ላይ ካሉት፣ «አልቋል» ብለን ወረቀት ከለጠፍንባቸው ሦስት አሮጌ ማሽኖች አንዱን ወደ ጠረጴዛው ይጎትቱ ጀመር።

«ና፣ ያዝልኝ» አሉኝ።